የጾም ማስታወሻዬን ከፋሲካ ጋር አሰርኩት

ስልኬ ረቡዕና ዓርብ «ጾም ነው» ይለኛል። በፋሲካ ማግስት በመጣው ረቡዕም ዶሮ ወጥ እያሞቅኩ ጮኸ! እስከ ጰራቅሊጦስ እንደማይጾም በምን ይወቅ? የሐዋርያት ጾም በገባ ሰኞ ደግሞ ዝም አለ፤ እንቁላሌን በላሁ።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ኤክሴል ላይ `B1` ውስጥ የፋሲካን ቀን ብቻ ጻፍኩ። የ2018ቱ ሚያዝያ 4 ነው፤ ኤክሴል የሚገባው የፈረንጁ ስለሆነ 2026-04-12 አልኩት።

```
=B1-55
=B1+50
```

ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው የመጀመሪያው ዓቢይ ጾም የሚገባበት የካቲት 9፣ ሁለተኛው የሐዋርያት ጾም የሚገባበት ግንቦት 24 ሆነ። የረቡዕና ዓርቡ ድግግሞሽ ፋሲካ ዋዜማ ላይ ያበቃል፤ ከግንቦት 24 በኋላ ይቀጥላል። ገና ረቡዕ ሲውል ግን አሁንም በእጄ ነው የማጠፋው።