ሲሊከን ዳዮድ ለምን ብርሃን አይሰጥም?

ምልክቱ

አንዱ ከሲሊከን፣ ሌላው ከጋሊየም አርሰናይድ የተሠሩ ሁለት ዳዮዶች አሉ እንበል። እኩል ከረንት በፎርዋርድ አቅጣጫ እናሳልፍባቸው። የጋሊየም አርሰናይዱ 870 ናኖሜትር አካባቢ ጥሩ ኢንፍራሬድ ይሰጣል። ሲሊከኑ ግን ይሞቃል እንጂ የሚወጣው ብርሃን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

«ዓይናችን ኢንፍራሬድ ስለማያይ ይሆናል» ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ግን የሲሊከን ብርሃን በሚወጣበት 1,100 ናኖሜትር አካባቢ በደንብ የሚያይ መለኪያ ብናደርግበትም ያው ደካማ ነው።

ምክንያቱ

የባንድ ዲያግራሙን፣ ማለትም ኤሌክትሮኖች በክሪስታሉ ውስጥ ሊኖራቸው የሚችለውን ኢነርጂ የሚያሳየውን ሥዕል እንሳል። ወደ ላይ ኢነርጂ፣ ወደ ጎን ሞመንተም። በሁለቱም ቁሶች የታችኛው ባንድ፣ ማለትም የቫለንስ ባንዱ፣ ጫፍ መሃል ላይ፣ ሞመንተም ዜሮ በሆነበት ነው። ሆሎቹ፣ ማለትም ኤሌክትሮን የጎደለባቸው ባዶ ቦታዎች፣ የሚሰበሰቡት እዚያ ነው። በጋሊየም አርሰናይድ ኤሌክትሮኖቹ የሚሰበሰቡበት የላይኛው ባንድ፣ ማለትም የኮንዳክሽን ባንዱ፣ ሸለቆ ልክ ከጫፉ በላይ ተቀምጧል። በሲሊከን ግን ሸለቆው ወደ ጎን ሸሽቷል፤ ከመሃል እስከ ዲያግራሙ የጎን ጠርዝ ካለው መንገድ 85 በመቶውን ሄዷል።

ኤሌክትሮን ወርዶ ከሆል ጋር ሲገናኝ ኢነርጂም ሞመንተምም መወራረድ አለባቸው። የሲሊከኑን ባንድ ጋፕ፣ ማለትም በሁለቱ ባንዶች መካከል ያለውን 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት፣ አንድ ፎቶን ይዞት ይወጣል። ሞመንተሙን ግን አይችለውም። የፎቶኑ የሞገድ ርዝመት 1,100 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን የክሪስታሉ ተደጋጋሚ አሃድ ግን 0.543 ናኖሜትር ብቻ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ ኤሌክትሮኑ ማራገፍ ያለበት ሞመንተም ፎቶኑ ከሚሸከመው ወደ 1,700 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ በዲያግራሙ ላይ ፎቶን ብቻውን የሚያስወርደው ቀጥ ብሎ ቁልቁል ነው።

የጎኑን መንገድ የሚሸፍነው ፎኖን፣ ማለትም የክሪስታሉ ንዝረት ነው። ኤሌክትሮን፣ ሆልና ፎኖን በአንድ ጊዜ መገጣጠማቸው ግን ብርቅ ነው። ተራው እስኪደርስ ድረስ በክሪስታሉ ውስጥ ያለ ጉድለት ኤሌክትሮኑን ይይዘውና ኢነርጂውን ሙቀት ያደርገዋል።

መፍትሄው

ከረንት መጨመር አያዋጣም፤ የሸለቆውን ቦታ አያዛውረውም። ክሪስታሉን ማጥራት ሙቀት የሚያደርጉትን ወጥመዶች ስለሚቀንስ ይረዳል፤ ብርሃን የሚሰጠውን ሽግግር ግን አያፈጥነውም። ትክክለኛው መንገድ ዳይሬክት ባንድ ጋፕ ያለው፣ ማለትም እንደ ጋሊየም አርሰናይድ ሸለቆው ልክ ከጫፉ በላይ የሆነ ቁስ መምረጥ ነው።

ቁሱን መቀየር ካልተቻለስ? እዚህ ላይ የጋሊየም ፎስፋይድ ነገር በጣም ደስ ይለኛል። ባንድ ጋፑ 2.26 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ እሱም እንደ ሲሊከን ኢንዳይሬክት ነው። ጥቂት የፎስፈረስ አቶሞች በናይትሮጂን ሲተኩ ግን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ብርሃን ይሰጣል። ናይትሮጂኑ ኤሌክትሮኑን ጠባብ ቦታ ላይ ይይዘዋል። ቦታው ሲጠብ የሞመንተሙ ስርጭት ይሰፋል፤ ዜሮንም ይጨምራል። ያኔ ያለ ፎኖን ቀጥ ብሎ መውረድ ይችላል።

ይህ ዘዴ ገደብ አለው። ስርጭቱ ውስጥ ዜሮ አካባቢ ያለው ድርሻ ትንሽ ስለሆነ ብርሃኑ ጥሩ ዳይሬክት ቁስ ከሚሰጠው ያንሳል። ዳይሬክት የሆነ ቁስ በምንፈልገው ቀለም ከተገኘ እሱን መያዝ ይሻላል።