«ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል» እና ሌሎች ስህተቶች

የምሠራው ጎንደር ውስጥ፣ ጀርም የሚመረመርበት ላብራቶሪ ነው። በአንድ ወቅት ከቆላድባ የመጡ እናት የሽንት ናሙና ሰጡን። ሽንት ሲሸኑ ያቃጥላቸዋል፤ ትኩሳት የላቸውም። መጀመሪያ አሞክሳ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው ዋጡ። አልተሻላቸውም። ከዚያ ሴፍትሪያክሶን ለ5 ቀን ተወጉ። ማቃጠሉ ግን እንዳለ ነው። «ልጄ፣ ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶት ነው» አሉኝ።

የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱን የሚላመደው ባክቴሪያው እንጂ ሰውነት አይደለም። «መላመድ» የሚለው ቃልም ራሱ ያሳስታል፤ የእሳቸው ጀርም ምንም የለመደው ነገር የለም፤ መድኃኒቱን ይሰብረዋል። አሞክሳሲሊንና ሴፍትሪያክሶን ሁለቱም መሃላቸው ላይ ቤታ-ላክታም የሚባል ትንሽ ቀለበት አላቸው። ባክቴሪያው ግድግዳውን እንዳይሠራ የሚያደርገው ይህ ቀለበት ነው። ቤታ-ላክታሜዝ የሚባለው ኢንዛይም ቀለበቱን በውኃ ይከፍተዋል፤ መድኃኒቱም ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ኢንዛይሙ ግን አያልቅም። አንዱን ሰብሮ ወደ ሌላው ይሄዳል።

ሁለተኛው ስህተት «መርፌ ስለሆነ ይበረታል» ማለት ነው። በደም ሥር ቢሰጥም ቀለበቱ ያው ቀለበት ነው። የቀድሞዎቹ ቤታ-ላክታሜዞች አሞክሳን ይሰብራሉ፣ ሴፍትሪያክሶንን ግን እምብዛም አይነኩም። ስለዚህ መርፌው ድሮ ይሠራ ነበር። ሲቲኤክስ-ኤም የሚባለው የኢንዛይም ቤተሰብ ግን ሁለቱንም ይሰብራል።

የእኚህ እናት ካልቸር ኢ. ኮላይ የሚባለውን የአንጀት ባክቴሪያ አበቀለ። ዲስክ የምንለው መድኃኒት የተነከረበት ትንሽ ክብ ወረቀት ነው። በሴፍትሪያክሶን ዲስክ ዙሪያ ጀርም ያልበቀለበት ክብ ስፋቱ 9 ሚሊሜትር ብቻ ነበር፤ 19 እና ከዚያ በታች ከሆነ መድኃኒቱ አይሠራም። ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ዲስክ አስቀመጥን፦ አንዱ የሴፍትሪያክሶን ዘመድ የሆነው ሴፎታክሲም ብቻ፣ ሌላው ሴፎታክሲም ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር። ክላቩላኒክ አሲድ ኢንዛይሙ ላይ ተጣብቆ ያስረዋል። የመጀመሪያው ክብ 10 ሚሊሜትር፣ ሁለተኛው 24 ሆነ። ልዩነቱ 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ እንደ ሴፍትሪያክሶንና ሴፎታክሲም ያሉትን ሴፋሎስፖሪኖች የሚሰብር ኢንዛይም አለ ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ የእኛ የባለሙያዎቹ ስህተት ደግሞ በዚህ ምርመራ ላይ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ከሁሉ በላይ ይሄ ነው። ክላቩላኒክ አሲድ እርጥበት አይችልም። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሲሞቅ፣ ወይም ዲስኩ ከፍሪጅ እንደወጣ ሳይቆይ ሲከፈትና ሲያልበው፣ ቀድሞ የሚበላሸው እሱ ነው። ያኔ ሁለቱ ክቦች እኩል ይሆናሉ፤ እኛም «ኢንዛይም የለም» ብለን እንጽፋለን። ስለዚህ ዲስኩን ከመክፈት በፊት 1 ሰዓት ያህል ውጭ ማቆየት ያስፈልጋል። ኢንዛይሙ እንዳለው አስቀድሞ የታወቀ ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያም ጎን ለጎን መሠራት አለበት። በእሱ ላይ ልዩነቱ ካልታየ፣ ችግሩ ከዲስኩ ነው፤ የታካሚውንም ውጤት አናወጣም።

«ከአሁኑ በፊት ሴፍትሪያክሶን ተወግቼ አላውቅም፤ ታዲያ ከየት መጣብኝ?» የእናቲቱ ጥያቄ ትክክለኛ ነበር። ባክቴሪያ ጂን የሚወርሰው ከእናቱ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ አራተኛው ስህተት ነው። የሲቲኤክስ-ኤም ጂን መነሻው ክሉይቬራ የሚባል፣ ብዙም ሰው የማያሳምም ባክቴሪያ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ፕላዝሚድ ላይ ሰፈረ። ፕላዝሚድ ከክሮሞሶም ተለይቶ የሚኖር ክብ ዲኤንኤ ነው። ባክቴሪያው ከጎረቤቱ ጋር ተገናኝቶ የፕላዝሚዱን ቅጂ ያሻግርለታል፤ የራሱም አይጎድልበትም። ጎረቤቱ የሌላ ዝርያ ቢሆንም ከኢ. ኮላይ ወደ ክሌብሲየላ ይሻገራል። ይህ የሚሆነው በብዛት አንጀት ውስጥ ነው፤ የጎንደር ቅዳሜ ገበያ ላይ እንዳለው ሕዝብ ሁሉም ተጠጋግቶ ስለሚኖር። ሰውየውም ምንም ሳያመው ይሸከመዋል።

አንድ ፕላዝሚድ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ጂን ይይዛል። የእሳቸው ጀርም ኮትሪሞክሳዞልንና ጄንታማይሲንንም አልፈራም። እንዲህ ዓይነት ጥቅል ሲኖር፣ ኮትሪሞክሳዞል ለተቅማጥ ብሎ የሚውጥ ሰው ሴፍትሪያክሶንን የሚሰብረውንም ጂን አብሮ ያበዛል። ያንን መድኃኒት ባይነካውም።

ናይትሮፉራንቶይን ግን ክቡ 20 ሚሊሜትር ሆነ፤ ይሠራል ማለት ነው። ሐኪሙም እሱን አዘዘላቸው። ይህ መድኃኒት ለፊኛ ነው። ትኩሳትና የጎን ሕመም ኖሮ ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ደርሶ ቢሆን አይበቃም ነበር።

ማቃጠሉ ተዋቸው። አንጀታቸው ውስጥ ያለው ጀርም ግን ለወራት ሊቆይ ስለሚችል፣ ሌላ ጊዜ ሲታመሙ ውጤቱን ለሐኪሙ እንዲያሳዩ ነገርኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።