ከንቲባው የሚወስኑበት አንድ ገጽ

የከተማችን የውሃ ብክነት ጥናት ወፍራም ነው። ማጠቃለያው ስለ ጥናቱ ዘዴ ብቻ ስለሚተርክ ከንቲባው አንብበው «ታዲያ ምን ልወስን?» አሉ። እንደገና ጻፍኩት።

መጀመሪያ ውሳኔውን አስቀመጥኩ፦ «አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ይገዛ»። ቀጥሎ ምክንያቱን፦ ሌሊት ሰው ተኝቶም የዋናው መስመር ፍሰት ብዙም አይቀንስም፤ ውሃው መሬት ውስጥ እየፈሰሰ ነው። ተጠቃሚ ሲቀንስ ግፊቱ ስለሚጨምር ፍሳሹ ይብሳል። ግራፎቹ ወደ አባሪ ሄዱ።

የጥናቱን ገደብ ግን አልቆረጥኩም። ያረጁ ቆጣሪዎች አሳንሰው ያነባሉ። ስለዚህ ከ«ጠፋው» ውሃ ከፊሉ ሰው የተጠቀመበት፣ ግን ያልተከፈለበት ነው። ቫልቭ ይህን አያስቆምም። ይህ ካልተነገራቸው፣ ብክነቱ ሁሉ ይቆማል ብለው ይፈርማሉ።

አሁን ከንቲባው የጠየቁት «ግፊቱ ሲቀንስ ዳገት ላይ ያለው ሰፈር ውሃ ይደርሰዋል ወይ?» ብለው ነው። መልሱን በአንድ አረፍተ ነገር ጨመርኩበት፦ ቫልቩ የሚገጠመው ዳገቱን በማይነካው በታችኛው መስመር ላይ ነው።