ኒያግራ ወይስ ሸናንዶዋ? ዲሲ አካባቢ አዲስ ለገባችሁ የሎንግ ዊኬንድ ምክር

ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይ ቨርጂኒያ አዲስ የገባ ሰው የመጀመሪያው ሜሞሪያል ዴይ ሲቃረብ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፣ "እስካሁን ኒያግራ ፏፏቴ አልሄዳችሁም?" ጠያቂው አስር ዓመት የኖረ፣ ወረቀቱ ያለቀ፣ ሚስቱም የምትነዳ ሰው ነው፣ እሱ ቀላል ቢመስለው አይፈረድበትም። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ በዚች ጥያቄ ተገፍቼ ሄጄ ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ ቆሜ እንዴት እንዳላንቀላፋሁ እስካሁን ይገርመኛል።

ባለፈው ግንቦት አንድ ጎረቤቴ ይሄንኑ ይዞ መጣ። በዲቪ ታኅሣሥ ላይ ነው የገቡት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖሩት፣ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር፣ ትልቋ 6 ዓመቷ ነው ትንሹ 2። እሱ ፓርኪንግ ጋራዥ ይሠራል፣ እሷ ዴይኬር። መንጃ ፈቃድ ያለው እሱ ብቻ ነው፣ ካወጣ ሦስት ወሩ ነው። "ጋሼ ኒያግራ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው ይላል ጂፒኤሱ፣ ያን ያህል ሩቅ አይደለም አይደል?" አለኝ። ቁጭ በል ቡና ይፈላ አልኩትና አብረን ሂሳብ ጀመርን።

ጂፒኤሱ የሚያወራው ስለ መኪናው ነው እንጂ ስለ ልጆቹ አይደለም። መንገዱ በ270 ፍሬድሪክ፣ ከዛ በ15 ቁጥር ጌቲስበርግን፣ ሃሪስበርግን፣ ዊልያምስፖርትን እያለፈ ኒው ዮርክ ስቴት ይገባና በበፋሎ አድርጎ ያደርሳል፣ ወደ 410 ማይል ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ካር ሲት ላይ ሁለት ሰዓት ከቆየ ማልቀስ ይጀምራል፣ ዳይፐር አለ፣ ጋዝ አለ፣ ምግብ አለ፣ ሹፌሩም አንድ ብቻ ስለሆነ ወርዶ እግሩን ካላፍታታ አይሆንም። በየጉዞው ሁለት ሰዓት ጨምሩበት፣ ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የወጣ ሰው (በእኛ አቆጣጠር ነው የማወራው) ወደ 10 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ሰኞ 3 ሰዓት ላይ የተነሳ ደግሞ ቤቱ ሲገባ መሽቷል፣ ያውም ሎንግ ዊኬንድ ሰኞ ከሰዓት ሁሉም ሰው አብሯችሁ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ሦስት ቀን የተባለው እዛ ሲደርስ የቅዳሜ ምሽትና እሁድ ነው።

እውነቱን ለመናገር ለፏፏቴው እሱ ይበቃል። በአሜሪካ በኩል ያለው ስቴት ፓርክ መግቢያው ነጻ ነው፣ የምትከፍሉት ለፓርኪንግና ለጀልባው ነው፣ ማታ መብራት ያበሩበታል፣ ጎት አይላንድ ላይ በእግር ዞራችሁ ጀልባው ላይ ተሳፍራችሁ ረጥባችሁ ስትወርዱ ግማሽ ቀን አልፏል። ችግሩ እዛ የምትቆዩበት ሰዓት ማነሱ ሳይሆን አንድ ሹፌር አስራ ዘጠኝ ሰዓት መንገድ ላይ ውሎ ማክሰኞ ከንጋቱ 11 ሰዓት ሺፍት የሚገባ መሆኑ ነው። ይሄንን ስነግረው ዝም አለ፣ የእሱ ሺፍት ልክ 11 ሰዓት ነው የሚጀምረው።

ከዛ ብሩን አሰላን። የሱ ኮሮላ በጋሎን 30 ማይል ይሄዳል ብንል ደርሶ መልስ 820 ማይል ወደ 27 ጋሎን ነው፣ ጋዙን በ3 ዶላር ከ30 ሳንቲም ስናባዛው 90 ዶላር። ያየው ሆቴል ለአንድ ለሊት 190 ነበር፣ ሁለት ለሊት ከነታክሱ 430 አካባቢ። ጀልባውና ፓርኪንጉ 100፣ ውጭ መብላት ቢያንስ 150። 770 ዶላር ሆነ። ያልቆጠረው ግን ሌላ ነበር፣ ቅዳሜም ሰኞም ሺፍት ነበረው። ብዙ አዲስ የመጣ ሰው ሆሊዴይ ሲባል ደሞዝ ያለው እየመሰለው ይሳሳታል፣ የፌዴራል ሕግ ግን የግል ቀጣሪ ለሆሊዴይ እንዲከፍል አያስገድድም፣ በሰዓት የምትሠሩ ከሆነ ካልሠራችሁ ብዙ ጊዜ የለም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሱፐርቫይዘራችሁን ጠይቁ። ሁለት ቀን በስምንት ሰዓት፣ በሰዓት 18 ዶላር፣ 288 ዶላር ቀረበት ማለት ነው። ሁሉም ሲደመር ከሺ በላይ!

ደግሞ ሜሞሪያል ዴይ በፈረንጁ ሜይ የመጨረሻው ሰኞ ነው፣ በቀናት ውስጥ የቤት ኪራይ ይመጣል። ክሬዲት ካርድ ገና ስላልያዛችሁ ሆቴሉን በዴቢት ካርድ ነው የምትከፍሉት፣ ሆቴሉ ደግሞ ከኪራዩ ሌላ 100 ወይ ከዛ በላይ ዶላር ማስያዣ ሆልድ ያደርግና ከወጣችሁ በኋላም ለቀናት ላይለቀው ይችላል። ብሩ የእናንተ ነው ግን አትነኩትም። የቤት ኪራይ ለመክፈል ያን ብር የምትጠብቁ ከሆነ ሆቴሉን አትያዙ።

አሁን ከሁሉ በላይ ልብ ብላችሁ እንድታነቡት የምፈልገው ነገር ላይ ደረስኩ። ኒያግራ ፎልስ የሚባል ከተማ ሁለት ነው፣ አንዱ ኒው ዮርክ ውስጥ አንዱ ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ፣ መሃላቸው ወንዙና ሬይንቦው ብሪጅ የሚባለው ድልድይ ነው። ሆቴል ስትፈልጉ ሁለቱም አንድ ላይ ይመጣሉ፣ ጎረቤቴም ስልኩን አውጥቶ "ይሄ ርካሽ ነው፣ ፏፏቴው በመስኮት ይታያል" ብሎ ያሳየኝ ሆቴል አድራሻው `Niagara Falls, ON` ይላል። ON ካለ ካናዳ ነው፣ NY ካለ አሜሪካ። ፊደሉ ቢያመልጣችሁ የፖስታ ኮዱን እዩት፣ የአሜሪካው አምስት ቁጥር ብቻ ነው፣ የካናዳው ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ነው። ዋጋውም ላይ `CAD` የሚል ካያችሁ ብሩ የካናዳ ነው።

ግሪን ካርድ ያላችሁ ካናዳ ለመግባት ቪዛ አያስፈልጋችሁም፣ ግን ካርዱ ብቻ አይበቃም፣ ጊዜው ያላለፈ የኢትዮጵያ ፓስፖርትም መያዝ አለባችሁ፣ ከ2022 ጀምሮ ደንቡ እንደዛ ነው። የጎረቤቴ ሚስት ፓስፖርት ሊያልቅ ሁለት ወር ነበር የቀረው፣ የትንሹ ካርድ ደግሞ በፖስታ ገና አልመጣም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር እያለ ድልድዩን አታስቡት። አሳይለም ጠይቃችሁ ውሳኔ እየጠበቃችሁ ያላችሁ ግን ጉዳዩ የዊኬንድ ጉዳይ አይደለም፣ አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን ወጥቶ የመመለሻ ፈቃድ ሳትይዙ ከአሜሪካ ከወጣችሁ ማመልከቻውን እንደተዋችሁት ሊቆጠርባችሁ ይችላል፣ መመለሱም እንደዛው ከባድ ነው፣ ለአንድ ሰዓት ፎቶ ለመነሳት ቢሆንም መውጣት መውጣት ነው። ድልድዩ መግቢያ አጠገብ መስመር ስቶ ካናዳ በሚወስደው ሌን የገባ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ ዞሮ መመለስ ያቅተዋል። ስለዚህ ጂፒኤሱ ላይ ፏፏቴውን ሳይሆን የምታቆሙበትን የኒው ዮርክ ፓርኪንግ አድራሻ አስገቡ፣ `Bridge to Canada` የሚል ምልክት ስታዩ ከዛ ሌን ውጡ። በአሜሪካ በኩል ብትቆዩም አካባቢው ድንበር ነውና የኢሚግሬሽን ፖሊስ ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ ካርዳችሁን ቤት አትተዉ። አሳይለም ላይ ያላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጠበቃችሁን ጠይቁ፣ እኔ ብሆን ወረቀቱ እስኪያልቅ ፏፏቴውን በዩቲዩብ ነው የማየው።

ቅርቡስ? ሸናንዶዋ ናሽናል ፓርክ በፍሮንት ሮያል በኩል ያለው በር ከዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው፣ ሰው ሲበዛ አይጨምርም፣ ለሰባት ቀንም ይሠራል። ውስጡ ስካይላይን ድራይቭ የሚባል 105 ማይል መንገድ በተራራው ጫፍ ላይ ይሄዳል፣ ፍጥነቱ 35 ነው፣ ለአዲስ ሹፌር የተሠራ ነው የሚመስለው። ሰው የሚሳሳተው ማይሉን አይቶ "51 ማይል አንድ ሰዓት አይፈጅም" ብሎ ቢግ ሜዶውስ ድረስ ሲነዳ ነው፣ በ35 ሂዳችሁ እያቆማችሁ እያያችሁ ሁለት ሰዓት ነው። ልጅ ካላችሁ እዛ ድረስ መሄድም አያስፈልግም፣ ከበሩ አምስት ማይል ሳትሄዱ ዲኪ ሪጅ የሚባል ቦታ ጠረጴዛና መጥበሻ ያለበት ሜዳ አለ። ከሰል፣ የተዘለዘለ ሥጋ፣ እንጀራ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ሜሞሪያል ዴይ ብዙ ጊዜ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል ጾሙ አያስቸግርም፣ አይገርምም? ብቻ ምግቡን ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ አትራቁ፣ ድብ አለ፣ ቀልድ አይደለም። ኔትወርክም ብዙ ቦታ ስለማይሠራ ካርታውን ቤት እያላችሁ ዳውንሎድ አድርጉ፣ ጋዙንም ከታች ከተማው ሙሉ።

ቅርብ ስለሆነ ግን ያለ ሰልፍ ይገባል ማለት አይደለም። ሎንግ ዊኬንድ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ የደረሰ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነው የሚያረፍደው፣ ኦክቶበር ላይ ቅጠሉ ሲቀላ ደግሞ ይብሳል። ባሕር የሚፈልጉትም እንደዛው፣ ከቤይ ብሪጅ ወዲህ ያለው ሳንዲ ፖይንት ቶሎ ይሞላል፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ ኦሽን ሲቲ ልሂድ ካላችሁ ደግሞ አርብ ከሰዓት አትሞክሩት፣ ሦስት ሰዓት የሚባለው መንገድ አምስት ይሆናል።

ጎረቤቴ ቅዳሜን ሠራ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆይተው ቤት ዋሉ፣ ሰኞ ሺፍቱን ለጓደኛው ቀይሮ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነስተው ሸናንዶዋ ሄዱ። ጋዝ ከ20 ዶላር አልበለጠም፣ መግቢያ 30፣ ሥጋና ከሰል 40። 8 ሰዓት ላይ ልጆቹ መኪና ውስጥ ተኝተው ተመለሱ፣ ማክሰኞ 11 ሰዓት ሥራው ላይ ነበር።

ኒያግራን ለሌላ ጊዜ አቆይቶታል። ሌበር ዴይ ላይ ያስብ ነበር፣ ግን ሌበር ዴይ ከእንቁጣጣሽ ጥቂት ቀናት ቀድሞ ነው የሚውለው፣ ዴይ ኦፉን እዛ ከጨረሰ ለበዓሉ አለቃው እንደማይሰጠው ነገርኩት። ሚስቱ አሁን መንዳት እየተማረች ነው፣ ፓስፖርቷንም አሳድሳለች፣ የትንሹ ካርድም መጥቷል። በሚቀጥለው ዓመት ሄዱ ከተባለ አርብ ከሥራ መልስ ወጥተው መንገዱ ግማሽ ላይ ዊልያምስፖርት ማደር ነው ያሰቡት፣ እዛ ሆቴሉ ከፏፏቴው አጠገብ ካለው ይረክሳል፣ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ይደርሳሉ፣ እሁድን ሙሉ ቆይተው ሰኞ በጠዋት ይመለሳሉ፣ ማክሰኞን ደግሞ ከአሁኑ ዴይ ኦፍ ጠይቋል።