በክብሪት ቀፎ ልክ የማይነበብ ቢልቦርድ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚያስገባው መንገድ ዳር ለሚቆም ቢልቦርድ አንድ ጊዜ ዲዛይን ሠርቼ ነበር። ደንበኛዬ ቡና ቆልተውና ፈጭተው የሚሸጡ አባት ናቸው። ሁላችንም ሐጂ እያልን ነው የምንጠራቸው። ብረቱ 8 ሜትር በ4 ሜትር ነው። እኔም ቦታው ሰፊ ነው ብዬ ያላስገባሁት ነገር የለም። የሱቁ ስም፣ «ጥራት ያለው የጅማ ቡና በተመጣጣኝ ዋጋ እናቀርባለን» የሚል ጽሑፍ፣ እሱኑ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ፣ ሁለት ስልክ ቁጥር፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፎቶ፣ ጀበና፣ ሲኒ፣ ቀይ የቡና ፍሬ። ኮምፒውተሬ ላይ ሳየው አሪፍ ነበር።

ባነሩ ከተወጠረ በኋላ ሐጂ በመኪና አልፈውት ሄዱ። ከዚያ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ የኔ የቱ ነው?» አሉኝ።

ባነሩን ደግሜ አሳተምኩት፤ ወጪውን ከኪሴ ቻልኩ። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ስህተቶች በሙሉ በዚያ አንድ ባነር ላይ ነበሩ።

ቃል መቁጠር

መጀመሪያ ሰዓቱን እናስላ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ሐጂ ብረት ያቆሙበት ቦታ ላይ መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ከ120 ሜትር ገደማ ጀምሮ ሰሌዳው ይታያል። የመጨረሻውን 30 ሜትር ግን ቀንሱት። እዚያ ሲደርስ ሰሌዳው ወደ ጎን ስለሚሸሽ ሾፌሩ ካልዞረ አያየውም። 90 ሜትር ቀረ፤ ይኸውም አምስት ሰከንድ ከምናምን ነው። ሾፌሩ ይህንንም ሁሉ አይሰጣችሁም። ፊቱ ባጃጅ ይገባበታል፣ አህያ ያቋርጣል፣ አይሱዙ ጭኖ ይጎተታል። ግማሹን ሰጠን ብንል ከሦስት ሰከንድ በታች ነው።

በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ከ7 ቃል አይብለጥ» የሚለውን ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። አሁን የኔን ጽሑፍ ቁጠሩት፦ ጥራት፣ ያለው፣ የጅማ፣ ቡና፣ በተመጣጣኝ፣ ዋጋ፣ እናቀርባለን። ልክ 7 ቃል! ሕጉን አክብሬያለሁ፣ ግን ማንም አላነበበኝም።

ችግሩ ሕጉ ለእንግሊዝኛ የወጣ መሆኑ ነው። የነሱ ቃል አጭር ነው። የኛ ግስ ባለቤቱንም ጊዜውንም፣ አንዳንዴ ተሳቢውንም አዝሎ ነው የሚሄደው። «እናቀርባለን» ብቻውን 7 ፊደል ነው። ስለዚህ ለአማርኛ ቃል ሳይሆን ፊደል ቁጠሩ። የኔ ጽሑፍ 26 ፊደል ነበር። አሁን ለመኪና መንገድ ከ12 ፊደል በላይ አልሠራም። ይህ የራሴ ልክ ነው፣ የትም አልተጻፈም፤ ግን እስካሁን አላሳፈረኝም።

ምን ይቆረጥ? «ጥራት ያለው» ይውጣ፤ ጥራት የለኝም ብሎ የሚለጥፍ ነጋዴ የለም። «በተመጣጣኝ ዋጋ»ም እንደዚያው። «እናቀርባለን» ይውጣ፣ ሱቅ ከሆነ ማቅረቡ አይቀርም። «የጅማ» የሚለውን ለማውጣት ሐጂ ቅር አላቸው። ጅማ መግቢያ ላይ ቆሞ የጅማ ቡና ማለት ግን ለማን ነው? የቀረው «ቡና» ነው። ሁለት ፊደል።

በስክሪን መፍረድ

ከሁሉ በላይ የጎዳኝ ይህ ነው። ዲዛይኑን ስክሪን ሞልታችሁ በክንድ ርቀት ስታዩት 8 ሜትሩን ሰሌዳ ከ10 ሜትር ገደማ ርቀት ቆማችሁ እንደማየት ነው። ከ10 ሜትር ምን የማይነበብ አለ?

ከ100 ሜትር የሚታየውን መጠን ማወቅ ቀላል ነው። 8ን ለ100 አካፍሉ፣ በክንዳችሁ ርዝመት ማለትም በ60 ሴንቲ ሜትር አባዙት። 4.8 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ያ ሁሉ ብረትና ባነር ሾፌሩ ዓይን ላይ ሲደርስ ወርዱ ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም።

እኔ አሁን ቃል በቃል እንደዚያ ነው የማደርገው። ዲዛይኑን በ4.8 በ2.4 ሴንቲ ሜትር አትማለሁ። በጥቁርና ነጭ ነው የማትመው፤ ምክንያቱን ቀለም ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ። ክብሪት ቀፎ ላይ ለጥፌ ዲዛይኑን አይቶ ለማያውቅ ሰው በተዘረጋ ክንድ ርቀት አሳየዋለሁ። ሦስት ቆጥሬ እደብቀዋለሁ። «ምን ይላል?» እለዋለሁ። «ይነበባል ወይ?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ፤ ሰው ይሉኝታ ይይዘውና አዎ ይላችኋል።

የመጀመሪያውን ባነር እንዲህ አድርጌ ለእህቴ ሳሳያት «ፎቶ ነው እንዴ?» አለች።

ፊደሉን ከላቲን እኩል ማድረግ

ለፊደል ቁመት የሚሠራበት ልክ አለ። ለ3.5 ሜትር ርቀት ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ይያዛል። ለ100 ሜትር ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ይህም ለላቲን ትልልቅ ፊደላት ነው። እነሱ እርስ በርስ የሚለያዩት በሙሉ ቅርጻቸው ነው። የኛ ግን ቡ እና ቢ ሙሉ አካላቸው አንድ ነው። የሚለያቸው አንዲት ቅጥል ናት፤ ለቡ ወገቡ ላይ፣ ለቢ እግሩ ሥር። ሾፌሩ ማየት ያለበት ያቺን ቅጥል ነው። እሷ ደግሞ ከፊደሉ ቁመት ሩቡንም አትሞላ። ስለዚህ እኔ ልኩን እጥፍ አደርገዋለሁ፦ ለ100 ሜትር 60 ሴንቲ ሜትር፣ ቦታ ካለ ከዚያም በላይ። የመጀመሪያው ባነር ላይ ዋናው ጽሑፍ 25 ሴንቲ ሜትር ነበር።

የፊደሉ ዓይነትም አለ። ኒያላ ለመጽሐፍ ደስ ይላል። እንደ ብዕር ጽሕፈት ወፍራምና ቀጭን መስመር ስለሚያፈራርቅ ግን ከሩቅ ቀጭኑ ይጠፋል። ከዚያ ዲዛይነሩ ምን ያደርጋል? ዙሪያውን መስመር ጨምሮ ያወፍረዋል። አሁን ደግሞ የመ ዓይኖች ይደፈናሉ፣ የቀ ቀለበት ይዘጋል፣ ቅጥሎቹም ከአካሉ ጋር ይጣበቃሉ። ማወፈር ከፈለጋችሁ ሲሠራ ጀምሮ ወፍራም ሆኖ የተሳለ ፊደል ፈልጉ። Noto Sans Ethiopic ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ድረስ አለው፣ በነፃም ይገኛል። ጥላና የሚያብረቀርቅ ጠርዝ አትጨምሩ። በፊደላቱ መካከል ትንሽ ከፈት አድርጉ።

ቀለምን በስሙ መምረጥ

ቡና ስለሆነ ቡናማ መደብ፣ ጅማ አረንጓዴ ስለሆነች አረንጓዴ ጽሑፍ፣ ፍሬው ቀይ። ሐሳቡ ሲነገር ያምራል። ባነሩን ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ስቀይረው ሦስቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኑ። ከሩቅ ዓይን የሚለየው በመጀመሪያ ብርሃንና ጨለማን ነው። ቀይና አረንጓዴ ስማቸው ቢራራቅም ድምቀታቸው እኩል ከሆነ አንዱ ሌላው ላይ አይነበብም። ክብሪት ቀፎው ላይ በጥቁርና ነጭ የማትመው ለዚህ ነው።

ከሰሌዳው ጀርባ ያለውንም እዩ። በክረምት ከጅማ ዙሪያ አረንጓዴ ያልሆነ ነገር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። አረንጓዴ ሰሌዳ እዚያ መሐል ሌላ ቁጥቋጦ ነው። ዝናቡና ጭጋጉ ሲጨመር ከነጭራሹ የለም።

ፀሐይም አለች። በኅትመት ቀለም ቀድመው የሚለቁት ቢጫና ቀይ ናቸው። ጥቁርና ሰማያዊው ይቆያል። ያረጀ ፖስተር ሁሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ለዚህ ነው። በነጭ ላይ ቀይ ጽሑፍ ካደረጋችሁ ቀዩ ሲለቅ መልእክቱ አብሮ ይሄዳል። ለሐጂ በቢጫ መደብ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ያደረግኩት ቢጫው ቢገረጣ እንኳ ጥቁሩ ስለማይለቀኝ ነው።

ሦስት ቋንቋ በእኩል መጨናነቅ

የጅማ ዲዛይነር ሁሉ ፈተና ይሄ ነው። የየትኛው ቋንቋ ጽሑፍ ግዴታ እንደሆነና በምን ቅደም ተከተል እንደሚቀመጥ ከማሳተማችሁ በፊት ፈቃድ የሚሰጠውን ክፍል ጠይቁ። ስህተቱ ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፤ አንዱን ረጅም ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ መጻፍ። ቁቤ ረጅሙን አናባቢም የሚጠብቀውንም ድምፅ ሁለት ሁለት እያደረገ ስለሚጽፍ ከአማርኛው ይረዝማል። «እንኳን ደህና መጣችሁ» 11 ፊደል ነው። «ባጋ ናጋን ዱፍታን» በቁቤ ሲጻፍ 17 ነው። ሁለቱን እኩል ስፋት ውስጥ ካስገባችሁ የቁቤው ቁመት ይሟሽሻል።

ስለዚህ ከመተርጎም በፊት ለሁለቱም የሚሆን ቃል ፈልጉ። እኛ ዕድለኞች ነን፤ ቡና በኦሮምኛም ቡና ነው። ለእንግሊዝኛው አንባቢ አንድ የሲኒ ሥዕል በቂ ነው።

አዲሱ ባነር እንዲህ ሆነ። በግራ በኩል አንድ ጥቁር ሲኒ። ከጎኑ «ቡና» በቁቤና በፊደል፣ እያንዳንዱ ወደ 1 ሜትር ቁመት። ከታች የሱቁ ስም በ60 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ ወደ ቀኝ የሚያመለክት ቀስትና «2 ኪ.ሜ»። ቤተ መንግሥቱን አወጣሁት፤ እሱን ማየት የፈለገ ጂሬን ወጥቶ ይየው።

ስልክ ቁጥር

አሥር አሃዝ በሦስት ሰከንድ የሚይዝ ሾፌር የለም። በስልክ ካሜራ የሚነበበው ባለ አራት ማዕዘን ኮድ ደግሞ ይባስ። መሪ ጨብጦ ያንን የሚያነሳ ሰው ቡናችሁ ጋ በሰላም መድረሱንም እንጃ። ስልኩን ሱቁ በር ላይ ባለው ታፔላ ጻፍነው። ሔርማታ ገበያ ውስጥ በእግር ለሚያልፍ ሰው ቢሆን ግን ሌላ ነው። እዚያ ሰው ቆሞ ያነባል፤ ዋጋም ስልክም ጻፉ።

አዲሱ ከተሰቀለ በኋላ ከዚያ አቅጣጫ የመጣ አንድ የማውቀው የባጃጅ ሾፌር ጠየቅኩት። «መንገድ ላይ ምን አየህ?»

«ቡና የሚል ቢጫ ነገር አለ፣ በቀኝ ታጠፍ ይላል።»

«ስንት ኪሎ ሜትር ይላል?»

«ኪሎ ሜትር አለው እንዴ?»

በሚቀጥለው ኅትመት «2 ኪ.ሜ» አይኖርም። ቀስቱ ይተልቃል፤ ሰሌዳውም ወደ መታጠፊያው ይጠጋል።