ቀዳዳው ሲሰፋ ቦታውም ይሰፋል፦ ቦነስ ቶለራንስን እንዴት እናሰላለን?

የአንድ ቀዳዳ የቦታ ቶለራንስ ድሮዊንጉ ላይ 0.4 ተብሎ ተጽፏል። ስትለኩት 0.58 ወጣ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዕቃውን ወደ ውዳቂ ይወረውረዋል። ከ0.4 ቀጥሎ ክብ ውስጥ የገባ ኤም (Ⓜ) ካለ ግን ፍርዱ ገና አልተሰጠም። ቀዳዳው ራሱ ስንት እንደሆነ መታወቅ አለበት።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ለሞተር መቀመጫ የሚሆን ወፍራም ላሜራ አለን። አራት ቀዳዳዎች አሉት። በየቀዳዳው ባለ 10 ሚሜ ቡሎን ያልፍና ከሥር ባለው ላሜራ በኩል ወጥቶ በዳዶ ይታሰራል። የሥሩ ላሜራም በተመሳሳይ ልክ የተበሳ ነው። የቀዳዳው ዳያሜትር ከ10.4 እስከ 10.8 ሚሜ ተፈቅዷል። ድሮዊንጉ ላይ ያለው ሳጥን ደግሞ እንዲህ ይላል፦

```
⌖ | ⌀0.4 Ⓜ | A | B | C
```

መጀመሪያ ሳጥኑን አንብቡ

ኤሟ ማክሲመም ማቴሪያል ኮንዲሽንን ታመለክታለች። ዕቃው ላይ ከፍተኛው ብረት የሚቀረው ቀዳዳው በጣም ሲጠብ ነው። ስለዚህ ለኛ ይህ ልክ 10.4 ነው። (ለዘንግ ወይም ለፒን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ትልቁን ልክ ነው የምንወስደው።) የተጻፈው 0.4 የሚሠራው ቀዳዳው ልክ 10.4 ሲሆን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ለሰፋበት ለእያንዳንዷ ልክ፣ ያንኑ ያህል ቦታው ላይ ይጨመርለታል። ይህ ጭማሪ ነው ቦነስ ቶለራንስ የሚባለው። ኤሟ ከሌለች ቦነስ የለም፤ ቀዳዳው የቱንም ያህል ቢሰፋ 0.4 እንደ 0.4 ይቀራል።

0.4 ከየት እንደመጣ ካወቃችሁ ሌላው ሁሉ ይቀላል። በጣም ጠባቡ ቀዳዳ 10.4 ነው፤ በጣም ወፍራሙ ቡሎን 10.0 ነው። ልዩነታቸው 0.4 ነው። ዲዛይነሩ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በትክክለኛው ቦታ ላይ የቆመ ባለ 10.0 ሲሊንደር ምንም ሳይነካው ይለፍ። ቀዳዳው ከሰፋ፣ ትንሽ ቢሸሽም ሲሊንደሩ ያልፋል። ቦነሱ እንግዲህ ችሮታ አይደለም፤ ቀድሞውንም ያለውን ክፍተት መቁጠር ነው።

ቀዳዳውን ለኩ፤ ግን በካሊፐር ብቻ አይደለም

ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ካሊፐር ሁለት ነጥብ ብቻ ይነካል። ቀዳዳው ትንሽ ሞላላ ከሆነ በአንድ በኩል 10.66፣ በሌላ በኩል 10.62 ሊያሳያችሁ ይችላል። ቦነስ የሚሰጠው ግን ቀዳዳው ውስጥ ከላይ እስከ ታች ሊገባ በሚችለው ትልቁ ፍጹም ሲሊንደር ልክ ነው። በእጅ ለመሥራት የፒን ጌጅ ስብስብ ይዛችሁ፣ በቀዳዳው ሙሉ ጥልቀት የሚያልፈውን ትልቁን ፒን ፈልጉ። ነጥብ በነጥብ እየነካ በሚለካው ማሽን፣ በሲኤምኤም የምትለኩ ከሆነ፣ ማሽኑ ቀዳዳው ውስጥ ሊገባ የሚችለውን ትልቁን ክብ እንዲያሰላ እዘዙት። አማካይ ክብ ካሰላ ልኩን ከፍ አድርጎ ይሰጣችሁና የሌለ ቦነስ ትቀበላላችሁ።

የኛ ቀዳዳ 10.62 ሆነ እንበል። ቦነሱ ከ10.62 ላይ 10.40 ሲቀነስ ነው፤ 0.22 ይሆናል። ጠቅላላ የቦታ ቶለራንሱ 0.4 ሲደመር 0.22፣ ማለትም 0.62 ነው።

አሁን ቦታውን አስሉ

ቀዳዳው ሊሆንበት የሚገባው ከአንዱ ጠርዝ 50፣ ከሌላው 30 ሚሜ ነው። የተለካው 50.22 እና 29.81 ነው። ስለዚህ በአንድ በኩል 0.22፣ በሌላው 0.19 ሸሽቷል። ቀመሩ ይኸውና፦

```
2 × √(0.22² + 0.19²) = 0.58
```

ያቺን 2 አትርሷት። ሥሩ ብቻውን 0.29 ይሰጣል፤ እሱ ከመሃል ያለው ርቀት ነው። ቶለራንሱ ግን የተጻፈው በዳያሜትር ነው። ሁለቱን ሳያመሳስሉ ማወዳደር የተበላሸ ዕቃ ያሳልፋል። ደግሞም ቀዳዳው ዘንበል ብሎ ሊሆን ስለሚችል፣ ከላይም ከታችም ለክታችሁ የባሰውን ውሰዱ።

0.58 ከ0.62 ያነሰ ነው። ቀዳዳው አልፏል። በራሳችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ፦ በ10.62 ቀዳዳና በ10.0 ቡሎን መካከል በየጎኑ 0.31 ክፍተት አለ፤ ቀዳዳው የሸሸው 0.29 ነው።

የወደቀውስ?

እዚያው ላሜራ ላይ ሁለተኛው ቀዳዳ 10.46 ነው። ሽሽቱ በአንድ በኩል 0.20፣ በሌላው 0.15 ነው። ሲሰላ 0.50 ይመጣል። ቦነሱ 0.06 ብቻ ስለሆነ ጠቅላላው 0.46 ነው። በ0.04 ወደቀ። የጎረቤቱን ቀዳዳ ትርፍ መበደር አይቻልም፤ እያንዳንዱ የራሱን ቦነስ ብቻ ይጠቀማል።

ይህ ቀዳዳ ግን ይድናል። በሪመር ወደ 10.6 ብታሰፉት ቦነሱ 0.20፣ ጠቅላላው 0.60 ይሆናል። ሪመር ያለውን ቀዳዳ ተከትሎ ስለሚሄድ መሃሉ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ቢሆንም እንደገና ለኩት። ገደቡ 10.8 ነው። ከዚያ ካለፈ ቦታው ምንም ያህል ቢያምር ዕቃው በልክ ወድቋል። ከ10.4 በታች የሆነ ቀዳዳም እንደዚያው ነው።

ብዙ ዕቃ ካለ

መቶዎችን ስትሠሩ እያንዳንዱን ማስላት አያዋጣም። አራት ባለ 10.0 ፒኖች በትክክለኛው ቦታቸው የተተከሉበት ጌጅ ይሠራል። ላሜራው ሳጥኑ ላይ በተጻፉት በኤ፣ በቢ እና በሲ ዳተሞቹ፣ ማለትም ልኬቱ በሚነሳባቸው ገጾቹ ላይ በደንብ ተደግፎ አራቱም ፒኖች ከገቡ ቦታው ደህና ነው። ጌጁ ቦነሱን ያለ ሒሳብ ራሱ ይሰጣል። ልኩን ግን አይነግራችሁም፤ 10.9 የሆነ ቀዳዳም ያሳልፋል። ስለዚህ ልኩን በ10.4 እና በ10.8 ፒኖች ለብቻው ፈትሹ። ማሽኑ ቀስ በቀስ እየሸሸ መሆኑንም ጌጁ አያሳይም። እኔ ጌጅ ባለበት ሥራ ሁሉ አልፎ አልፎ አንድ ዕቃ አንስቶ ሽሽቱን በቁጥር መለካትን አጥብቄ እመክራለሁ።

የማይሠራበት ቦታ

ኤሟ የምትጠቅመው ዓላማው ማለፍና መገጣጠም ሲሆን ነው። ተጠብቆ ለሚገባ ፒን ወይም ለቤሪንግ ቤት አትጠቀሙባት፤ እዚያ መሃሉ ራሱ ነው የሚፈለገው። ሳጥኑ ውስጥ ከዳተም ፊደል አጠገብ ኤም ካያችሁም ቦነሱ ላይ አትደምሩት። እሱ የቀዳዳዎቹ ስብስብ በአንድነት እንዲንሸራተት የሚፈቅድ ሌላ ነገር ነው።

ቀዳዳው ጠርዝ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ዲዛይነሩ የመጨረሻውን ሁኔታ ማስላት አለበት። መሃሉ ከጠርዙ 12 ሚሜ ይራቅ። በ10.4 ልክ፣ 0.2 ወደ ጠርዙ ቢሸሽ የሚቀረው ግድግዳ 6.6 ነው። በ10.8 ልክ ግን ሽሽቱ እስከ 0.4 ስለሚፈቀድ ግድግዳው ወደ 6.2 ይወርዳል። 6.4 የግድ ካስፈለገ ኤሟ እዚያ ቀዳዳ ላይ መሆን የለባትም።