ለታላቅና ለአለቃ ሲናገሩ የሚሠሩ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ አንድ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ላይ እሠራለሁ። አዲስ የሚቀጠሩት ልጆች ሁሉም ጨዋ ናቸው። እኔን የሚያስቸግረኝም ይኸው ጨዋነታቸው ነው።

ትልቁ ስህተት የሚያውቁትን ሆድ ውስጥ ይዞ "እሺ" ብሎ መውጣት ነው። ባለፈው ክረምት ባለቤቱ፣ ስድሳን የዘለሉ ሰው ናቸው፣ ደውለው "60ውን ከረጢት ሲሚንቶ የኋላው ክፍል አውርዱት" አሉ። ስልኩን ያነሳው ልጅ የዚያ ክፍል ጣሪያ እንደሚያፈስ ያውቃል፤ በዋዜማው ባልዲ የደቀነበት ራሱ ነው። ግን "እሺ ጋሼ" ብሎ ዘጋ። ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት ከላይ የተደረደሩት ከረጢቶች በጣት ሲጫኗቸው አይበገሩም፣ ደርቀዋል።

"ማፍሰሱን ታውቅ ነበር?" አሉት።

"አዎ ጋሼ።"

"ታዲያ ምን አፍህን ያዘው?"

"እርስዎ ካሉ ብዬ ነው።"

ከሲሚንቶው በላይ ያናደዳቸው ይህች መልስ ነች። ሳያውቁ ያዘዙትን እያወቀ ፈጽሞ፣ ጥፋቱን እሳቸው ላይ ላከከው።

እንዲህ ማለት ይችል ነበር፦ "እሺ ጋሼ፣ እናወርዳለን። አንድ ነገር ልንገርዎት? የኋላው ጣሪያ ያፈሳል፣ ትናንት ባልዲ ደቅኜ ነበር። ፊት ለፊት እናድርገው ወይስ ሸራ እናልብሰው?" መጀመሪያ ትእዛዙን ተቀበለ፣ ፈቃድ ጠየቀ፣ በዓይኑ ያየውን ተናገረ፣ ውሳኔውን ለእሳቸው ተወ። "አይሆንም" የሚል ቃል የለበትም። "የኋላው ክፍል ጥሩ አይደለም" ቢል ግን አስተያየት ስለሚሆን ክርክር ያመጣል። ባልዲውን ማንም አይከራከረውም።

ሁለተኛው ከዚሁ የሚወለድ ነው። ልጁ ደፍሮ ይናገራል፣ ትልቁ ሰው ለማሰብ ዝም ይላሉ። ዝምታውን ቁጣ ይመስለውና "ግን ችግር የለውም፣ እንደፈለጉ" ብሎ የተናገረውን ራሱ ያፈርሰዋል። ኧረ ታገሱ! እስኪመልሱ ጠብቁ።

ማቋረጥ ግድ ከሆነ "አፍዎን በማር ልቁረጠውና" የሚባል ነገር አለን። ግን በአንድ ጨዋታ አንዴ ብቻ፤ ሁለተኛው ላይ ማሩ ያልቃል።

አለቃን ደንበኛ ፊት ማረምማ አይነሳ። ዕቃው እየተጫነ ከሆነና ጊዜ ከሌለ፣ ጠጋ ብላችሁ "ጋሼ፣ አንዴ ላስቸግርዎት" በሉና ገለል አድርጋችሁ ንገሯቸው።

"እርስዎ" ብሎ ጀምሮ "ትላለህ" ብሎ መጨረስም አለ። ከድንጋጤ ነው፣ ቀስ ብሎ መናገር ያስተካክለዋል።

አለቃው በዕድሜ ከእናንተ ካነሰስ? እሱ ራሱ "አንተ በሉኝ" እስኪል ድረስ "እርስዎ" ነው። ካለም በኋላ ቢሆን፣ ሰው ፊት ሲሆን ወደ "እርስዎ" ተመለሱ።